የቀትር ፈተና፦ በአዋሽና በሰመራ መስመር የመኪናን ሽታ ስለ ማስለቀቅ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሰመራ የሚደርሰው መንገድ ወደ ቆላው እየጠለቀ ስለሚሄድ፣ በዚህ መስመር የሚሠራ ሚኒባስ ማለዳ አዋሽ ላይ ሲከፈት ምንም ሳይሸት፣ ቀትር ላይ ሰመራ ቆሞ ሲከፈት ግን አፍንጫ የሚያስይዝ ሊሆን ይችላል። ሽታ የሚሰጡ ነገሮች በሙቀት ይበልጥ ስለሚተንኑ፣ በማለዳው ቅዝቃዜ ጨርቅና ስፖንጅ ውስጥ አድፍጦ ያደረው ሁሉ ቀትር ላይ ይወጣል። ስለዚህ የጽዳቱ ፈተና መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆየ መኪና ሲከፈት የሚሳበው የመጀመሪያው ትንፋሽ ሲሆን፣ የሚስበውም ከውጭ የመጣ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ውስጡ ሲውል አፍንጫው ሽታውን የለመደው ሾፌር ለዚህ ዳኝነት አይሆንም።

በዚህ መስመር ከሚገጥሙት ሁሉ አስቸጋሪው የፈሰሰ የግመል ወተት ነው። ክዳኑ የላላ ጀሪካን ከኋላ ወንበር ሥር ተጋድሞ ሲፈስ፣ ወተቱ ምንጣፉን አልፎ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውስጥ ይገባል፤ በሙቀቱም ባክቴሪያዎች በፍጥነት ተራብተው የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ፣ ማለትም እርጎን ወደሚያኮመጥጠው አሲድ ይለውጡታል። ከላይ መወልወል ብቻውን የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የወንበሩ ብሎን ተፈትቶ ምንጣፉ መነሣት አለበት። በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ የሚመጠጠው ሁሉ ከተመጠጠ በኋላ፣ ቦታው ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ የወተቱን ፕሮቲን ከጨርቁ ጋር ሊያጣብቀው ስለሚችል አይመከርም። ቀጥሎ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይፈስበትና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ቤኪንግ ሶዳ በባሕርዩ አሲድን የሚያረክስ ስለሆነ፣ የሚተነውን አሲድ ወደማይተን ጨው ይለውጠዋል። ከሱቅ ሲገዛ ግን በውስጡ አሲድና ስታርች ከተቀላቀለበት ቤኪንግ ፓውደር ጋር እንዳይምታታ ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ተመጥጦ፣ ምንጣፉ ከመኪናው ውጭ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ለዚህ የአፋር ፀሐይ ከማንኛውም መሣሪያ ትበልጣለች። ይህ ሁሉ ተደርጎ በቀትር ፈተና ኮምጣጣው ሽታ ከተመለሰ፣ ስፖንጁን ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ መተካት እንጂ እንደገና ማጠብ ድካም ብቻ ነው።

የላብ ሽታም በአብዛኛው ከአሲድ የሚመነጭ በመሆኑ ያው ሶዳ ይበቃዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ወንበሩ ሳይሆን የደኅንነት ቀበቶው ነው። የሲጋራ ጭስ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ኒኮቲን ከአሲድ ተቃራኒ የሆነ፣ ማለትም ቤዝ የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከጭሱ ሬንጅ ጋር በመስታወቱ፣ በፕላስቲኩና በጣሪያው ጨርቅ ላይ ቢጫ ሽፋን ሆኖ ይጣበቃል። እንዲህ ያለውን ከሳሙና ውሃ በኋላ በውሃ የቀጠነ ነጭ አቼቶ ይሻለዋል፤ አቼቶው አሲድ ስለሆነ ኒኮቲኑን እንዳይተን አድርጎ ይይዘዋልና በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል። ነጭ ጨርቅ መስታወቱን ሲጠርግ ቢጫ ሆኖ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ሥራው አላለቀም። የጣሪያው ጨርቅ ግን በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ ከራሰ ይረግባል፤ ስለዚህ በተጨመቀ ጨርቅ ቀስ እያሉ መዳበስ እንጂ ውሃ ማፍሰስ አይገባም። የአየር ማጣሪያው ጭሱን ከጠጣ ደግሞ መለወጥ ነው ያለው፤ አለዚያ ኤሲው በተከፈተ ቁጥር ሽታው ይመለሳል።

ሽቶ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ በየመስታወቱ ሥር የሚንጠለጠለው የጥድ ቅርጽ ያለው ካርቶን የኬሚስቱ የጁሊየስ ሳማን ፈጠራ ሲሆን፣ እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ግዛት አንድ የወተት መኪና ሾፌር በፈሰሰ ወተት ሽታ መማረሩን ለኬሚስቱ በማውራቱ የተወለደ ነው፤ የአፋርን ሾፌር የሚያማርረው ያው ወተት መሆኑ ያስገርማል። ይሁንና ሽቶ ሽታው ላይ የሚደረብ እንጂ የሚያጠፋው ባለመሆኑ፣ ጣፋጭ የቫኒላ ሽቶ ከኮመጠጠ ወተት ጋር ሲቀላቀል ከወተቱ ብቻ ይልቅ ተሳፋሪን ያጥወለውላል። በሙቀት ሽቶው በአንድ ጊዜ ስለሚተን፣ ካርቶኑን ከላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ማውጣት የመጀመሪያውን ሳምንት ማፈኛ፣ የቀጣዩን ደግሞ ባዶ ያደርገዋል፤ ጫፉን ብቻ አውጥቶ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መሳብ ይሻላል። በጠርሙስ የሚመጣው ፈሳሽ ሽቶ ከተደፋ የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ ሊበላ ይችላል። በግፊት የታሸገው የሚረጭ ቆርቆሮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሆነ ሙቀት እንዳይጋለጥ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሲሆን፣ ሰመራ ላይ ፀሐይ ውስጥ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ይህን በቀላሉ ስለሚያልፈው፣ ከረጩ በኋላ ይዞት መውረድ ግድ ነው።