የቱ ናሙና?

ቡና ላኪዎች ለውጭ ገዢ የሚጽፏቸውን የእንግሊዝኛ ኢሜይሎች አርማለሁ። ዘወትር የሚጎድሉት «ኤ» እና «ዘ» ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ቢጎድሉም ሐሳቡ ይገባል፤ የማይገባበት ቦታ ሲመጣ ግን ሥራ ያስቆማሉ።

«ዊ ሴንት ሳምፕል፤ ፕሊስ አፕሩቭ ሳምፕል» የሚል መልእክት እንውሰድ። ሃምቡርግ ያለው ገዢ እጅ ሁለት ናሙና ሊኖር ይችላል፦ ውል ሳይፈረም ለቅምሻ የተላከለት፣ እና አንድ ኮንቴነር ከሚሞላው 320 ኬሻ ላይ ከጭነት በፊት የተወሰደው። ውሉ ሁለተኛው ናሙና እንዲጸድቅ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ገዢው «የቱን ነው የምትሉት?» ብሎ እስኪጽፍና መልስ እስኪያገኝ ቡናው መጋዘን ይቆያል።

ተማሪ ቤት የተማርነው ሕግ፣ ነገሩ መጀመሪያ ሲነሳ «ኤ»፣ ሲደገም «ዘ» ይላል። እዚህ ላይ ያ ሕግ ያሳስታል። ናሙናው በኢሜይሉ ውስጥ ገና መነሳቱ ቢሆንም ውሉ አስቀድሞ አስተዋውቆታል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ «ዘ ፕሪ-ሺፕመንት ሳምፕል» ነው። ጸሐፊዎቹን ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ እንዲሉልኝ እጠይቃለሁ። «ናሙናውን ላክን» ካሉ «ዘ»፣ «ናሙና ላክን» ካሉ «ኤ»። ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም። «ዋጋው» ስንል የታወቀውን ዋጋ ወይም የእሱን ዋጋ ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ «ኢንፎርሜሽን» እና «አድቫይስ» ደግሞ አይቆጠሩምና «ኤ» አይቀበሉም።

ትሕትናው የሚያስቸግረው በሌላ መንገድ ነው። አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ «ይላኩልን» ካልን ሌላ ጌጥ አያስፈልግም። እንግሊዝኛው «ዩ» አንቱም አንተም ስለሆነ ጸሐፊው የጎደለውን ለመሙላት «ሀምብሊ»፣ «ካይንድሊ»፣ «ዩር እስቲምድ ካምፓኒ» እያለ ይደረድራል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ልማድም ያግዘዋል። በዚህ መሐል ጥያቄው ራሱ ይሰወራል፤ ቀን የሚባል ነገርም አይገኝም። «ታንክ ዩ ኢን አድቫንስ»ም ለአንዳንድ አንባቢ እሺታን አስቀድሞ እንደ መውሰድ ይሰማዋል።

ይህን ሁሉ ጠርጎ «አፕሩቭ ዘ ሳምፕል ባይ ፍራይደይ» ብቻ ማስቀረትም አይሆንም፤ ትእዛዝ ነው። እኔ የምተወው «ኩድ ዩ አፕሩቭ ዘ ፕሪ-ሺፕመንት ሳምፕል ባይ ፍራይደይ?» የሚለውን ነው፤ ከኋላው መርከቧ መቼ ከጅቡቲ እንደምትነሳ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይከተላል። ምክንያቱ ሲነገረው ገዢው እንደተከበረ ይሰማዋል፤ አርብ ለምን እንደሆነም አይጠይቅም።

ለኤምባሲ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ። እዚያ «ዩር ኤክሰለንሲ» ተገቢ ማዕርግ ነው፣ ለአምባሳደሩ ከተጻፈ አልነካውም።