ስምንት እጥፍ አምጥቶ የሚያከስር ማስታወቂያ

ደብረ ኤልያስን ብዙ ሰው የሚያውቃት በቅኔ ጉባኤዋ ነው። እኔን ያስተዋወቀኝ ግን ጤፏ ነው። አንድ የአገሩ ተወላጅ ነጋዴ ከዚያ ማኛ እያስመጡ፣ አዲስ አበባ ላይ አስበጥረው፣ በ25 ኪሎ ማዳበሪያ አሽገው፣ በሞተረኛ ቤት ድረስ ያደርሳሉ። ደንበኛ የሚያገኙት በፌስቡክ ነው፤ ማስታወቂያውን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደብተራቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ 10,000 ብር አውጥተን 80,000 ብር ከሸጥን፣ 20,000 ብናወጣ ምን ይከለክለናል?» አሉኝ።

ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው። በዚህ ሥራ ሮአስ የምንለው ቁጥር ይኸው ነው፤ ለማስታወቂያ የወጣ አንድ ብር የስንት ብር ሽያጭ እንዳመጣ ይናገራል። ከሽያጩ ውስጥ ኪስ የሚገባው ስንት እንደሆነ ግን አይነግረንም። ስለዚህ «ጋሼ፣ መጀመሪያ የአንዷን ማዳበሪያ ሒሳብ እናውጣ» አልኳቸው።

ለስሌት እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ላስቀምጥ። አንድ ማዳበሪያ 4,000 ብር ይሸጣል። ጤፉ እዚያው የሚገዛበት ዋጋ 2,900 ነው። የመኪና ጭነት፣ የወዛደርና የደላላ ተደምሮ 180 ይሆናል። በብጠራ የሚጎድለው፣ የብጠራው ጉልበትና ማዳበሪያው 120 ይበላሉ። ሞተረኛው 200 ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ 600 ብር ይቀራል፤ ከመቶ 15 መሆኑ ነው። የሱቅ ኪራይና የልጆቹ ደመወዝ እዚህ ውስጥ የለም፤ እነሱ አንድ ማዳበሪያ ተሸጠም አልተሸጠም የሚከፈሉ ናቸው።

አንድ ደንበኛ ለማምጣት ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ የሚችለው ጣሪያ እንግዲህ 600 ብር ነው። 4,000ን ለ600 ስናካፍል 6.67 እናገኛለን፤ መቋረጫው ይህ ነው። ከዚህ በታች ያለ ሮአስ ሁሉ፣ ምንም ያህል የሚያስደስት ቢመስል፣ ከኪስ የሚያስወጣ ነው። ስድስት እጥፍ የሚያመጣ ማስታወቂያ በየማዳበሪያው 67 ብር ያከስራል። ከመቶ 40 የሚያተርፍ ልብስ ነጋዴ ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ካገኘ ትርፍ ውስጥ ነው። «ጥሩ ሮአስ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ምን እንደሚሸጥ መልሼ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ፤ ስምንት ከ6.67 ይበልጣላ! ደብተሩን አንድ በአንድ ስንፈትሽ ግን 80,000ው በስልክ የታዘዘው እንጂ ገንዘቡ የገባው አልነበረም። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው የሚከፍለው ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ነው፤ በጥሬው ወይም በቴሌብር። ትእዛዙ ደግሞ በመልእክትና በስልክ ስለሚመጣ ፌስቡክ ሽያጩን ጨርሶ አያየውም፤ የሚቆጥረው ስንት ሰው እንደጻፈልን ብቻ ነው። ሮአሱን የምናወጣው ራሳችን ከደብተር ነው። ከ20ው ትእዛዝ 3ቱ ስልካቸውን ዘግተዋል፣ ወይም ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ሳለ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብለዋል። የደረሰው 17 ነው። 17 በ600 ሲባዛ 10,200 ይሆናል። ከዚህ ላይ በከንቱ የተመላለሰው ሞተረኛ የወሰደው 600 ብር ሲወጣ 9,600 ይቀራል። ለማስታወቂያ የወጣው 10,000። ስምንት እጥፍ የተባለው ዘመቻ 400 ብር ከስሮ ነበር።

የ10,000ውም ነገር ቢሆን መጠየቅ አለበት። ፌስቡክ የሚያስከፍለው በዶላር ነው፤ የውጭ ካርድ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ለሚከፍልለት ሰው በዶላር የሚሰጠው ብር ከባንክ ተመን ይበልጣል። ወጪ ብዬ የምመዘግበው ከእጅ የወጣውን ብር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ዶላር በባንክ ተመን መትቼ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ መልእክት የሚያስወጣው ዶላር ባለበት ቢቆይም በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሒሳባቸውን በዶላር ብቻ ሲከታተሉ የነበሩ ሰዎች የተለወጠ ነገር አልታያቸውም።

ኪሳራውን ለማቆም መጀመሪያ ያደረግነው ትእዛዝ የሚቀበለው ልጅ ከመላኩ በፊት ደውሎ እንዲያረጋግጥና ቴሌብር ላይ 200 ብር ቀብድ እንዲቀበል ነው። በቀብዱ የሸሸ ሰው አልጠፋም፤ የጤፉ ጥራት በወሬ እየተሰማ ሲሄድና የማስታወቂያውን ምስል ስንቀይር ግን በ10,000 ብር 25 ማዳበሪያ በትክክል የሚደርስበት ጊዜ መጣ። አሥር እጥፍ ማለት ነው። 25 በ600፣ 15,000 ብር፤ ማስታወቂያው ሲቀነስ 5,000 ተረፈ። አሁን መጨመር ይቻላል አልኩ። 20,000 አደረግነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ20,000 ብር 38 ማዳበሪያ ደረሰ። 152,000 ብር ሽያጭ፤ ሮአሱ 7.6፤ ከ6.67 በላይ ነው። ጋሼም ረክተዋል። ነገር ግን መታየት ያለበት የተጨመረው 10,000 ብር ብቻውን ምን አመጣ የሚለው ነው። 13 ማዳበሪያ፣ 52,000 ብር፤ 5.2 እጥፍ። ከ13ቱ የተገኘው 7,800 ብር ነው፤ ወጪው 10,000። ፊት 5,000 ያተረፈው ዘመቻ አሁን በድካምም በሽያጭም ጨምሮ 2,800 ብቻ አተረፈ። የመጀመሪያዎቹ 25 ደንበኞች ትርፍ የኋለኞቹን ኪሳራ ሸፍኖ አማካዩን አሳመረው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ገንዘብ ፌስቡክ የሚያገኝልን ጤፍ ሊገዛ የቀረበውን ሰው ነው፤ ገንዘቡ ሲጨምር ገና ወዳላሰበው ይሄዳል፣ ያንኑ ሰውም ደጋግሞ ማሳየት ይጀምራል። በጀቱን በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግም ሥርዓቱን እንደገና ወደ መማር ይመልሰዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት ከልኩ ከፍቶ ሊታይ ይችላል። ይህን ለመለየት ሁለተኛ ሳምንት ጠበቅን፤ ልዩነቱ ኢምንት ነበር። ወደ 12,000 ወረድንና ከዚያ በትንሽ በትንሹ ወጣን፤ በየደረጃው የተጨመረው ብር ብቻውን 6.67 ማምጣቱን እያየን።

6.67 ራሱም ተጽፎ የሚቀር ቁጥር አይደለም። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ሲወቃ ዋጋው ይረግባል፤ ክረምት ሲገባ ይንራል። መግዣው በ200 ብር ጨምሮ መሸጫው ባለበት ከቆየ 600ው 400 ይሆናል፤ መቋረጫው አሥር እጥፍ ይደርሳል። በጥር የሚያተርፈው ያው ማስታወቂያ በሐምሌ ያከስራል። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ደጋግሞ እንደታየው፣ መኪናው ደጀንና አባይ በረሃ ሳይደርስ ማስታወቂያው አዲስ አበባ ላይ ብር መብላቱን አያቆምም። ጭነቱ መነሳቱ በስልክ ካልተረጋገጠ ዘመቻውን የማጠፋው ለዚህ ነው።

ጋሼ አንድ ክርክር አላቸው፤ የሚናቅም አይደለም። «አንዴ የቀመሰ ወር ሳይሞላው ራሱ ይደውላል፤ ለእሱ ማስታወቂያ አልከፍልም» ይላሉ። እውነት ነው። ከ10 አዲስ ደንበኛ 4ቱ አንዴ ተመልሰው ከገዙ፣ የአንዱ ደንበኛ ትርፍ 840 ይሆናል፤ መቋረጫውም ወደ 4.76 ይወርዳል። ያ ከሆነ 5.2 ያመጣው ጭማሪ አዋጪ ነበር። እኔ የምጠይቀው ተመላሾቹ በስልክ ቁጥራቸው ተለይተው ደብተር ላይ እንዲሰፍሩ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 25ም ከኋለኞቹ 13ም ለየብቻ፤ ምክንያቱም በብዙ ጉትጎታ የመጣ ሰው እንደ ፊተኛው ተመልሶ እንደሚደውል ማረጋገጫ የለንም። አሁን ልጁ ከእያንዳንዱ ስልክ አጠገብ የተገዛበትን ሳምንት እየጻፈ ነው። የሁለት ወር ሲጠራቀም በጀቱን እንደገና እናየዋለን።